ዜሮ አምሳ ስምንት

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ጉልበታቸው ሲደክም ሊቀመንበሩ ሌላ ነፊ በመፈለግ ፈንታ ሥልጣኔ ፈለጉ። ደብረ ታቦር የዞን ከተማ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባት፣ እኛ እስከ መቼ ነው በጥሩምባ የምንጠራራው አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። የኛ ጉባኤ ደግሞ ላልገባው ነገር በደንብ ያጨበጭባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞትና የስብሰባ ጥሪ በስልክ መልእክት እንዲሆን ተወሰነ።

ሊቀመንበራችን በጡረታ የተገለሉ የመምሪያ ኃላፊ ናቸው። ወንበሩን ለቀቁ እንጂ ኃላፊነቱን አልለቀቁም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እንኳ «አጀንዳው ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። እኔ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ትንሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የዕድሩም አባል ነኝ። ስለዚህ አንድ ጠዋት የአባላቱን መዝገብ በብብታቸው ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

«ይህን ወደ ዲጂታል ቀይሪው» አሉኝ። ቃሏን ከሥልጠና ያመጧት ናት። አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆይተው ነው የሚያወጧት።

መልእክቱን ባንዴ ለሁሉም የሚበትነው የኢንተርኔት አገልግሎት አንድ ጠባይ አለው። ቁጥሩ ሁሉ በመደመር ምልክት ጀምሮ፣ የአገሩን መለያ አስከትሎ፣ የቀረው ያለ ክፍተትና ያለ ሰረዝ ካልመጣለት አልልክም ይላል። የኛ መለያ 251 ነው። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር ሲሆን ፊት ያለችው ዜሮ ትወድቅና በቦታዋ +251 ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ቢነገረው በግም የሚገባው ነው።

የኛ አባላት ግን ቁጥር አጻጻፍ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንግሥት ናቸው። አንዱ በሰረዝ ይከፋፍለዋል፣ አንዱ በነጥብ። አንዷ ሁለት ቁጥር በአንድ መስመር ጽፋ መሃሉን በእዝባር ለይታ «ሁለተኛው ባሌ ሲኖር ነው» ብላበታለች። በ00251 የጀመረ አለ። 251 ብሎ ሲያበቃ ዜሮዋን ሳይጥል የቀጠለ አለ፤ ይህ ሰው አገሩንም ሰፈሩንም ላለማስቀየም ሁለቱንም በር ያንኳኳል። በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛውን ኦ የጻፈ አስተማሪ አለ፤ አስተማሪ ነው እንግዲህ። አንድ ቀሲስ ደግሞ ቁጥራቸውን በግእዝ አኃዝ ጽፈው መጡ። በግእዝ ዜሮ የለም። እሳቸው ምን ገዷቸው፣ ዜሮ በሚመጣበት ሁሉ ባዶ ክብ አድርገውበታል። እውነት ለመናገር ከመዝገቡ ሁሉ ጥርት ብሎ የሚነበበው የሳቸው ነበር።

ሰንጠረዡ ላይ ስገለብጠው ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ኤክሴል የሚባለው ፕሮግራም ቁጥር ሲያይ ሒሳብ ይመስለዋል፤ ከፊት ያለችውን ዜሮ ዋጋ የላትም ብሎ ይውጣታል። ስለዚህ ዓምዱን አስቀድሜ ጽሑፍ ነው ብዬ መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኩትም። ከዚያ ክፍተቱንም ሰረዙንም አራግፌ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በአጀማመሩና በርዝመቱ ልለይ አሰብኩ። የኛ መሆኑ የታወቀው +251 ይሰጠዋል፤ የሌላ አገር መለያ ያለው መለያውን ይዞ ይቀመጣል፤ ያጠራጠረው ባለቤቱ ተጠርቶ ይጠየቃል።

«ይጠየቃል?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ስድብ እንደሰሙ። «ሥልጠና ላይ ያሳዩን እንዲህ አይደለም። ከቀኝ ዘጠኝ ቁጥር ትወስጂያለሽ፣ 251 ትለጥፊያለሽ፣ አለቀ!»

«ጋሼ፣ የውጭ አገር ቁጥር ያላቸው አባላት አሉ።»

«ዕድሩ የኢትዮጵያ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ሁለቱንም ሆነው መጡብኝ፤ የሥልጠናውን ወረቀት ፊቴ ዘርግተው እስክጨርስ ከወንበሩ አልነሣም አሉ፤ እንዳሉት አደረግሁት። ክፍተትና ሰረዙን እንኳ አስቀድሜ ባላራግፍ ኖሮ፣ ያ «ከቀኝ ዘጠኝ» ሰረዙንም እንደ ቁጥር እየቆጠረ ግማሹን ዕድር አንገት አልባ ያደርገው ነበር። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያመሰገንኳቸው መስሏቸዋል።

ውጤቱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አሉ። ወንድማቸው ሱዳን ስለሚኖር የሱንም ቁጥር በትክክል በ249 ጀምረው አስመዝግበው ነበር። ከቀኝ ዘጠኝ ሲወሰድ የቀረው በ9 የሚጀምር ሆነ፤ 251 ሲለጠፍበት ደግሞ ቁልጭ ያለ የኢትዮጵያ ሞባይል ወጣው። ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደሆነ እግዜር የሚያውቀው አንድ ምስኪን ሰው የኛን ሰፈር ቀብር ሁሉ ይጠራ ጀመር። መጀመሪያ «ነፍስ ይማር፣ ግን ተሳስታችኋል» ብሎ በጨዋ ደንብ መለሰ። ኋላ «ወገኖቼ፣ እናንተ ሰፈር ሰው አይተርፍም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ ለፖሊስ አመለክታለሁ ሲል ሊቀመንበሩ ደነገጡና «በሱዳኑ 249 እና በሳውዲው 966 የሚጀምሩትን እንደነበሩ መልሺያቸው» ብለው ፈቀዱ። ፈቀዱ ነው የምለው፤ በራሳቸው ፊርማ።

አንድ ቁጥር ግን ቀረ። ነገሬም ስለዚያ ቁጥር ነው።

ከሱቄ ጀርባ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከገሳይ በኩል መጥተው የኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት። እኔ እቴቴ ነበር የምላቸው። ልጅቱና እኔ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ እዚሁ ስቀር እሷ ሳውዲ ሄደች፤ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። እቴቴ ስልክ የላቸውም፣ አልፈልግምም ይላሉ። ዓርብ ዓርብ፣ ልጅቱ ዕረፍት ስታገኝ፣ በኔ ስልክ ትደውልና ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ። እቴቴ ስልኩን እንደ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ ምስሏን እያዩ «ከስተሻል» ይሏታል፣ ሁልጊዜ። የዕድሩን መዋጮ የምትልከው እሷ ስለሆነች በመዝገቡ ላይ ከእናትየዋ ስም ፊት ለፊት የተጻፈው የሷ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ግን የጻፈችው እዚያ ለጓደኞቿ እንደምትሰጠው ነው፤ ያለ 966፣ በ058 ጀምራ። ሳውዲ ውስጥ ሞባይል በ05 ይጀምራል፣ የሷ ደግሞ 058 ሆኖ አረፈው። ይህ እንግዲህ የኛ የሰሜን ምዕራቡ የቤት ስልክ መለያ ነው። ርዝመቱም ያው ነው፤ በኛም በነሱም አሥር። ያቺን መስመር ያየ ሰው ሁሉ «ይሄማ የቢሮ ስልክ ነው» ብሎ ያልፋል። ሊቀመንበሩም አለፉ፤ +251 አስለጠፉበትና የልጅቱ ሞባይል የደብረ ታቦር የቤት ስልክ ሆኖ ተመዘገበ። የሌለ የቤት ስልክ።

አንድ ዓርብ እቴቴ ጨርሰው ከሄዱ በኋላ ልጅቱ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች።

«እኔ ምልሽ፣ እዚህ ያሉት የሰፈራችን ሴትዮ የዕድሩ መልእክት ይደርሳቸዋል። ለኔ ለምንድን ነው የማይደርሰኝ?»

«ምን ያደርግልሻል? ቀብር አትመጪ ነገር።»

«አልመጣም። ግን ማን እንደሞተ ልወቅ። ስብሰባ ሲጠራ እንኳ ልወቅ። ከዚያ ሰፈር ስሜ የተጻፈበት ሌላ ምን አለኝ?»

ፋይሉን ከፍቼ ሳይ 058ን አገኘሁት፤ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሊቀመንበሩ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይህ የሳውዲ ቁጥር ነው። +966 ነው መሆን ያለበት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ዜሮ አምሳ ስምንት» አሉ ረጋ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነበብ። «በመምሪያው ሳለሁ በዚህ ቁጥር ነው የኖርኩት። ይሄ የኛው ነው።»

«የኛ ዞን የቤት ስልክ ከ058 ቀጥሎ በ4 ይቀጥላል። እዚህ የሚቀጥለው 4 አይደለም። እንደውም በዚያ አኃዝ የሚቀጥል ባሕር ዳርም ጎንደርም የለም። ደግሞስ እቴቴ ቤት መስመር ሲገባ አይተዋል?»

«በጉባኤ ይቅረብ።»

ስልክ ቁጥር በጉባኤ ይቅረብ! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ እሳቸውም ኮምፒውተር ቤቴ መጥተው የመምሪያ ምንጣፍ አስነጠፉኝ። ፋይሉ ያለው እኔ ጋ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ዜሮዋን ጣልኩ፣ +966 ሰጠሁት። በሚቀጥለው ጊዜ የዓመታዊው ስብሰባ ጥሪ ሲላክ ልጅቱ ወዲያው መለሰችልኝ። «ደረሰኝ! መቅረት ያስቀጣል ይላል። ቅጡኝ እንግዲህ!» ብላ የሳቅ ምስል ደረደረችበት። ያን ቀን በራሴ ኮራሁ፤ ከሰፈሩ ሁሉ አንድ አዋቂ እኔ ብቻ መስዬ ታየሁኝ።

ከዚያ ክረምቱ ሲገባ እቴቴ ታመሙ። ለልጃቸው እንዳልነግር አስማሉኝ። «ሰው ቤት ናት፣ ሥራዋን ትሥራ» አሉ። ዓርብ ሲደርስ እየተደገፉ ይመጡና ስልኩ ፊት ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ «ከስተሻል» ይላሉ፣ እሳቸው እንደ ገመድ ቀጥነው። አንድ ማለዳ ጎረቤት በሬን ደበደበችው። አርፈዋል።

ሊቀመንበሩ ከኔ ቀድመው ሱቁ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰው ቢሞት እንኳ የማይዛባ ሥርዓት አላቸው። የመልእክቱን ቃል በወረቀት ጽፈው ይዘዋል፤ የዕድራችን አባል የሆኑት ወይዘሮ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው የሚል።

ተየብኩት። ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ነካሁ። ጣቴ ላክ የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል ያቺ መስመር ታየችኝ፤ የእቴቴ ስም፣ ከፊት ለፊቱ +966። እኔው በገዛ እጄ ያቀናሁት፣ አሁን ከሪያድ ድረስ አንድም ሳይሳሳት የሚደርስ ቁጥር።

መርዶ በኛ አገር እንዲህ አይነገርም። ለልጅ የእናቷን ሞት የሚያረዷት ወዳጆቿ ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ እሷ ገና ቤቷ ሳለች፣ ሲያዩዋት ገብቷት ስትጮህ የሚይዛት ክንድ ባለበት ነው። ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ ሰው ወር ሙሉ ይዋሻል። አሁን ይቺ ልጅ በሰው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እጇ ሳሙና እንደነካ፣ ኪሷ ውስጥ ስልኩ ሲነዝር አውጥታ «የዕድራችን አባል» ብላ ልታነብ ነው። እመቤቲቱ ደግሞ ለምን ሳህን ሰበርሽ ትላታለች። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይህን አንዱን እንተወው። የሟቿ ልጅ ናት፣ ሳውዲ ያለችው። መርዶ በስልክ ልናረዳት ነው።»

«መልእክት ለአባላት በሙሉ ነው የሚለው ደንቡ» አሉ። «ዘመኑ የመረጃ ነው። መረጃ አይደበቅም።»

አየኋቸው። ሥልጠናው ይህንንም አስተምሯቸው ይሆን? አምሳ ዓመት ለቅሶ የደረሱ ሰው፣ ስንቱን ልጅ ደግፈው ያረዱ ሰው፣ አንድ ቁልፍ ፊታቸው ሲቀመጥ ይህን ሁሉ ረሱት። በሕይወቴ ማንንም እንደዚያን ቀን ንቄ አላውቅም። መሟገቻ ጊዜ ግን አልነበረም። ወደ መስመሯ ተመለስኩና 966ን አጥፍቼ 251 ጻፍኩበት። ለአንድ ማለዳ የሳቸውን ድንቁርና ተበደርኩት።

ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺ ናት እንዴ ያቺ ቁጥር? +251 አምሳ ስምንት!» ፊታቸው በራ፤ ሟች ቤት እየጠበቀን ፊታቸው በራ። «አላልኩሽም? የኛው ነው አላልኩሽም?»

«ብለውኛል ጋሼ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ክርክር!»

ዝም አይነቅዝም። ላክ የሚለውን ነካሁት። መልእክቱ ለሁሉም ሄደ። አንዱ ብቻ «አልደረሰም» ተብሎ በቀይ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ቀዩን አይተው «የቤት ስልክ መስመር ተበላሽቶ ይሆናል፣ ለቴሌ ማመልከት ነው» አሉና ወደ ድንኳኑ ሄዱ።

ሪያድ ያሉት የሰፈራችን ሴትዮ መልእክቱ ደርሷቸው ነበር፤ የሳቸው ቁጥር በ966 በትክክል ተጽፎ ስለነበር። እኔ ሳልደውል እሳቸው ደወሉ። ለወሬ አይደለም። «ልጅቱ ሰምታለች?» ነው ያሉኝ። አልሰማችም አልኳቸው። «ተዪልኝ። ዓርብ እኔ ቤት እጠራታለሁ። ሴቶቹን እሰበስባለሁ» አሉ። እስከዚያ መዋሸት የኔ ድርሻ ሆነ። ልጅቱ በመሃል ጻፈችልኝ። «እማዬን ሕልም አየኋት። ደህና ናት?» ኔትዎርኩ አስቸግሮናል፣ ዓርብ ታወሪያታለሽ አልኳት። ኔትዎርክ በኛ አገር የሰው ሁሉ ውሸት ማረፊያ ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። ጽፌላት ስልኩን ደፋሁትና ጠረጴዛው ላይ አለቀስኩ።

ዓርብ ደረሰ። እቴቴ የሚቀመጡባትን ወንበር አይቼ መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ደወሉና «ተረዳች» አሉኝ። ከጀርባቸው የብዙ ሴቶች ለቅሶ ይሰማል፤ እንደኛ ሰፈር ነው፣ ልዩነት የለውም። «አልቅሳለች። እርሟን አውጥታለች። ሌሊቱንም ከኛ ጋር ናት።» ከድምፃቸው ሥር አንዲት ሴት «እናቴ!» ስትል ሰማሁ፤ ድምፅዋን አወቅሁት።

ከለቅሶው በኋላ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ሻክሯል። ስለ ቀብሩ ጠየቀችኝ፤ ማን መጣ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ከገሳይ ዘመዶቹ ደረሱ ወይ። አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ፣

«መልእክቱ ለሴትዮዋ በዚያኑ ቀን ደርሷቸዋል» አለች። «ለኔ አልደረሰኝም። ቁጥሬን መልሰሽ አበላሸሽው አይደል?»

«አዎ። 251 አደረግሁት።»

እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። ስድብም ቢሆን እቀበል ነበር። እሷ ግን «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለች።

«በያ አሁን አቅኚው» አለችኝ። «ከእንግዲህ የሚደበቀኝ ሞት የለም። ማንም ቢሞት በመልእክት ልሰማው እችላለሁ።»

ፋይሉን ከፈትኩ። 251ን አጠፋሁ፣ +966 ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ቢያዩት በጉባኤ ያቅርቡት።

«አቀናሁት» አልኳት።

«ስሙንም ለውጪው» አለች። «የእማዬን አውጪና የኔን አስገቢ። ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ቤት ሰው እኔ ነኝ።»